8 ፊደል ለምን አይበቃም? ስለ ሃሽ ግጭትና ስለ ልደት ቀን ስሌት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት የወረቀት ፋይሎችን ስካን አድርገን ወደ ኮምፒውተር ስናስገባ አንድ ሰነድ ጠፋብን። ከዚያ ወዲህ ከደሴም ከወልድያም ተመሳሳይ ሥራ የያዙ ልጆች ይደውሉልኛል። የሚጠይቁኝ ነገር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ መልሱን እዚህ በአንድ ላይ ጻፍኩት።

ሃሽ ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ፋይል ወስዶ ቋሚ ርዝመት ያለው ምልክት የሚያወጣ ስሌት ነው። ፋይሉ አንድ ገጽም ይሁን አንድ ሺህ ገጽ፣ የሚወጣው ምልክት እኩል ርዝመት አለው። ያው ፋይል ሁልጊዜ ያንኑ ምልክት ይሰጣል። አንዲት ነጥብ ከተለወጠች ግን ምልክቱ ከነጭራሹ ሌላ ይሆናል። የወጣውን ምልክት ባለሙያዎች ዳይጀስት ይሉታል፤ እኔ አሻራ እለዋለሁ።

ሻ-256 የሚባለው ስሌት 256 ቢት ያወጣል። በስክሪን ላይ 64 ፊደልና ቁጥር ሆኖ ይታያል። 64 ፊደል ለሰው ዓይን ረጅም ነው። በዚህ ምክንያት ብዙዎቻችን የመጀመሪያዎቹን 8 ብቻ ቆርጠን እንጠቀማለን፤

```
sha256sum wul.pdf | cut -c1-8
```

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ያንኑ 8 ፊደል ሲያወጡ ተጋጩ እንላለን።

8 ፊደል ከ4 ቢሊዮን በላይ አማራጭ አለው። ታዲያ በምን ተጋጨባችሁ?

እውነት ነው። እያንዳንዱ ፊደል ከ0 እስከ 9 ወይም ከa እስከ f ስለሆነ 16 አማራጭ አለው። 16ን 8 ጊዜ ስናባዛው 4,294,967,296 ይመጣል። እኔም ፕሮግራሙን ስጽፍ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ያሉን ሰነዶች 83,140 ናቸው። 4 ቢሊዮን ሳጥን ውስጥ 83 ሺህ ነገር ብትበትኑ፣ ሁለቱ አንድ ሳጥን ላይ የሚያርፉበት ምክንያት አልታየኝም።

ፕሮግራሙ የሚያደርገው ቀላል ነው። ስካን የተደረገውን ሰነድ ያነባል፣ አሻራውን ያሰላል፣ የመጀመሪያዎቹን 8 ፊደሎች የፋይሉ ስም አድርጎ ወደ ማኅደሩ ይገለብጠዋል። ሥራው ሲያልቅ በእጅ የተያዘው መዝገብ 83,140 አለ። ማኅደሩ ውስጥ የተቆጠረው ግን 83,139 ሆነ።

መጀመሪያ የተጠረጠረችው ስካነር ላይ የምትሠራዋ ልጅ ነበረች። “አንዱን ዘለሽዋል” ተባለች። እሷ አልዘለልኩም ብላ ጸናች። በኋላ አንድ የኪራይ ውል ተፈለገና በመዝገቡ ላይ ባለው መለያ ስንከፍተው የሌላ ሰው የግብር ደረሰኝ ወጣ። ሁለቱ ሰነዶች የመጀመሪያ 8 ፊደላቸው አንድ ነበር። ደረሰኙ ከውሉ በኋላ ስለገባ በላዩ ላይ ተጻፈበት። ኮምፒውተሩም አንዲት ማስጠንቀቂያ አላሳየም። ደግነቱ ከስካነሩ የወጡት የመጀመሪያ ፋይሎች ገና አልተደለቱም ነበር። የሁለቱን ሙሉ 64 ፊደል ጎን ለጎን ስናስቀምጠው ከ9ኛው ፊደል ጀምሮ ይለያያል። ልጅቷ ልክ ነበረች። ጥፋቱ ስምንተኛው ፊደል ላይ የቆረጥኩት የእኔ ነው።

ይህ ከልደት ቀን ጋር ምን አገናኘው?

ስሌቱ አንድ ነው። የቅሬ ስብሰባ አለ እንበል። 23 ሰው ተቀምጧል። ከእነዚህ መካከል በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ሰዎች የመገኘታቸው ዕድል ምን ያህል ነው? ዓመቱ 12 ወር ባለ 30 ቀን፣ ከዚያ ጳጉሜን 5 ቀን፤ በጠቅላላው 365 ነው። ብዙ ሰው 23ን ለ365 አካፍሎ “6 በመቶ ገደማ” ይላል። ትክክለኛው መልስ 50.7 በመቶ ነው። ከግማሽ ይበልጣል ማለት ነው።

ምክንያቱን ለማየት ሰላምታ እንቁጠር። መጀመሪያ የመጣው ሰው የሚጨብጠው የለም። ሁለተኛው አንድ ሰው ይጨብጣል። ሦስተኛው ሁለት። እንዲህ እያለ 23ኛው ሰው ሲገባ 22 ሰው ይጨብጣል። ሁሉም ሲደመር 253 ሰላምታ ይሆናል። እያንዳንዱ ሰላምታ “እኔና አንተ በአንድ ቀን ተወልደን ይሆን?” የሚል አንድ ሙከራ ነው። ስለዚህ ሙከራው 23 ሳይሆን 253 ነው። 365 ቀን ላይ 253 ሙከራ ከተደረገ አንዱ ቢገጥም ምኑ ይገርማል?

ሰው የሚሳሳተው ጥያቄውን ሳያውቀው ስለሚለውጠው ነው። “ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የተወለደ አለ?” ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ የምትጨብጡት 22 ሰው ብቻ ነው። ዕድሉም ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ይህን ግማሽ ለማድረስ 253 ሌላ ሰው ያስፈልጋችኋል። “ማንኛቸውም ሁለቱ” እና “ከእኔ ጋር” በጣም የተራራቁ ጥያቄዎች ናቸው። ከታች ስለ ውል ስናወራ ይህ ልዩነት ተመልሶ ይመጣል፤ ያዙት።

ሰው ሲጨመር ነገሩ ይፈጥናል። በ30 ሰው 70 በመቶ ያልፋል። 50 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ 97 በመቶ ይደርሳል። አስተማሪ የሆናችሁ ነገ ክፍላችሁ ውስጥ ሞክሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ስሌት ሁሉም ቀን እኩል ነው ብሎ ይነሳል። በእኛ አገር መዝገብ ላይ ግን የተወለደበትን ቀን በትክክል የማያውቅ ሰው አንዳንዴ የወሩን መጀመሪያ ያስጽፋል። ቀኖቹ አንድ ቦታ ሲከማቹ የመግጠም ዕድሉ ከ50.7 በላይ ይወጣል። አሻራም እንዲሁ ነው። ውጤቱን በእኩል የማይበትን ደካማ ስሌት ከተጠቀማችሁ ግጭቱ ከዚህ ከምጽፈው ቁጥር ይብሳል።

በፋይሎቼ ላይ እንዴት ላስላው?

ሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ጥንዶቹን ቁጠሩ፤ የፋይሉን ብዛት ከእሱ አንድ በሚያንስ ቁጥር አባዙና ለ2 አካፍሉ። ከዚያ ለአማራጮቹ ብዛት አካፍሉት።

የእኛን እንሥራው። 83,140 ፋይል 3,456,088,230 ጥንድ አለው። ይህን ለ4,294,967,296 ስናካፍል 0.80 ይመጣል። 0.80 ማለት በአማካይ 0.80 ግጭት ይጠበቃል ማለት ነው። e 2.718 ገደማ የሆነ ቋሚ ቁጥር ነው፤ ቢያንስ አንድ ግጭት የማየት ዕድሉ ደግሞ ይህ ነው፤

```
1 - e^(-0.80) = 0.55
```

55 በመቶ። ያ ሰነድ የጠፋው በክፉ ዕድል አይደለም። ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ እንደማግኘት ያለ ነገር ነው። እኔ የቆጠርኩት 83 ሺህ ፋይል ነበር፤ መቁጠር የነበረብኝ ሦስት ቢሊዮን ተኩል ጥንድ ነው።

ለጨዋታ ያህል ሳይሆን ለሥራ የሚጠቅም አቋራጭ አለ። የአማራጮቹን ብዛት ስኩዌር ሩት ውሰዱ። ለ8 ፊደል 65,536 ነው። ፋይላችሁ ወደዚህ ቁጥር ከተጠጋ አደጋው ውስጥ ናችሁ። 9,300 ፋይል ላይ ዕድሉ ገና 1 በመቶ ነው። 77 ሺህ ገደማ ላይ ግማሽ ይሆናል። 200 ሺህ ላይ ከ4 በላይ ግጭት ይጠበቃል። 8 ፊደል 32 ቢት ነው፤ ባለ 32 ቢት አሻራ የ16 ቢት ጉልበት ብቻ አለው የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። አጭር አሻራ ከሚመስለው በላይ ደካማ የሚሆነው ርዝመቱ በግማሽ ስለሚቆጠር ነው።

በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። መሞከር እችላለሁ?

በደንብ። ፓይተን ያለው ማንኛውም ላፕቶፕ ይበቃል፤

```python
import hashlib
ayto = {}
i = 0
while True:
    h = hashlib.sha256(str(i).encode()).hexdigest()[:8]
    if h in ayto:
        print(ayto[h], i, h)
        break
    ayto[h] = i
    i += 1
```

ከ0 ጀምሮ ቁጥሮችን አሻራ እያሰላ፣ ያየውን 8 ፊደል እንደገና ሲያገኝ ይቆማል። እንዲህ ያለ ፍለጋ በአማካይ 82 ሺህ ገደማ ሙከራ ይፈጃል። ኢንተር ብላችሁ እጃችሁን ሳታነሱ ያልቃል። ከዚያ 8ን ወደ 10 ለውጡት። አማካዩ ወደ 1.3 ሚሊዮን ይወጣል። ሁለት ፊደል ስትጨምሩ አማራጩ 256 እጥፍ ያድጋል፣ ፍለጋው ግን 16 እጥፍ ብቻ። ቁጥሩን በራሳችሁ ስክሪን ማየት ከእኔ ማብራሪያ ይሻላል።

ይህ ሁሉ በአጋጣሚ ነው። ሆን ብሎ የሚያደርገው ሰውስ?

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በአማርኛ ደግሞ ይብሳል።

ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለ ሱቅ ይከራያል እንበል። ውሉን በኮምፒውተር የሚያዘጋጀው አከራዩ ነው። የሚመዘግበው ቢሮ ሙሉውን ጽሑፍ አያስቀምጥም፤ ባለ 8 ፊደል አሻራውን ብቻ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ተከራዩ በወር 12,000 ብር የሚለውን አንብቦ ይስማማል። ነገር ሲነሳ አከራዩ 21,000 ብር የሚል ፋይል ያመጣል። አሻራው ሲሰላ መዝገቡ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ይህ እንዴት ይሆናል?

ይህችን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፤ “ተከራይ ሱቁን ለአንድ ዓመት ለመሥራት ተከራይቷል፤ ኃላፊነቱም የራሱ ነው።” “ዓመት” “አመት” ተብሎም ይጻፋል። “መሥራት” “መስራት” ይሆናል። “ኃላፊነት” “ሀላፊነት” ይሆናል። አንባቢው ልዩነቱን ቢያይም ቅር አይለውም፤ ሁላችንም እንደመጣልን እንጽፋለን። ለኮምፒውተሩ ግን ሠ እና ሰ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የአንዱ ቁጥር `U+1220` ነው፣ የሌላው `U+1230`። ፋይሉ ውስጥ የሚለያዩት በአንዲት ቢት ነው። ያቺ አንዲት ቢት አሻራውን ሙሉ በሙሉ ትገለብጠዋለች።

በሦስት ቃል 8 ዓይነት ውል ጻፍን፤ ትርጉሙ ሁሉ አንድ ነው። አሁን በውሉ ውስጥ እንዲህ ያሉ 16 ቃላት ፈልጉ። ሕግ፣ ሥራ፣ ዕለት፣ ጸሐፊ፣ ሰነድ እያላችሁ ገጹ ሳያልቅ ታገኛላችሁ። 2 በ2 እየተባዛ 65,536 ዓይነት የ12,000 ብር ውል ይሆናል። በ21,000 ብር ውል ላይም ያንኑ ስታደርጉ ሌላ 65,536 ታገኛላችሁ። ከአንደኛው ክምር አንድ፣ ከሁለተኛው ክምር አንድ እያነሳችሁ ስታጣምሩ 4,294,967,296 ጥንድ አለ። የ8 ፊደል አማራጮችም በትክክል ይህን ያህል ናቸው። ቢያንስ አንድ ጥንድ የመግጠሙ ዕድል 63 በመቶ ነው። 16ቱን ቃል 17 ቢያደርገው 98 በመቶ ይደርሳል። ኮምፒውተሩ ላይ የሰከንዶች ሥራ ነው።

ሐሳቡ የእኔ አይደለም። ጌዲዮን ዩቫል የሚባል ሰው በ1979 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ውል ላይ እንዲህ ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል። እንግሊዝኛ ላይ ክፍት ቦታ መጨመር፣ ቃል በተመሳሳይ ቃል መተካት ያስፈልጋል። እኛ ግን ሞክሼ ፊደላቱ ተዘጋጅተው ይጠብቁናል።

ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ ብቀይራቸው ይበቃል?

አይበቃም። ለፍለጋ ሥራ ጥሩ ልማድ ነው፤ “ሥራ” ብሎ የፈለገ “ስራ”ንም ያገኛል። ለአሻራ ግን አንዱን በር ዘግታችሁ ሌላውን ክፍት መተው ነው። ክፍት ቦታ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ፋይሉ ውስጥ የተደበቀ የቀን መረጃ፣ ሁሉም አሻራውን ይለውጣሉ። ድክመቱ ርዝመቱ ላይ ነው።

ውሉን ያዘጋጀሁት እኔ ከሆንኩስ?

ይህ የቅሬው ስብሰባ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የእናንተ ጽሑፍ ቋሚ ነው። አታላዩ መለወጥ የሚችለው የራሱን ብቻ ነው። ስለዚህ “ማንኛቸውም ሁለቱ” ሳይሆን “ከዚህ ከአንዱ ጋር” የሚለውን መፈለግ አለበት። በ65 ሺህ ፈንታ በአማካይ ወደ 4.3 ቢሊዮን ሙከራ ያስፈልገዋል። ትልቅ ልዩነት ነው። ግን አብሽሩ ልላችሁ አልችልም፤ ለዛሬ ኮምፒውተር 4.3 ቢሊዮን ከሰዓታት አያልፍም። 8 ፊደል በሁለቱም በኩል አይጸናም።

ረጅም አሻራ ሲሆን ግን ይህ ልዩነት ትልቅ ጥቅም አለው። ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ፋይል ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቦታ በራሳችሁ ምርጫ ለውጡ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ቀድሞ የተዘጋጀው ጥንድ ይፈርሳል።

ኤምዲ5 128 ቢት ነው፣ 32 ፊደል። እሱስ አይበቃም?

በርዝመት ብቻ ቢሆን ግጭት ለማግኘት 2 በራሱ 64 ጊዜ የተባዛውን ያህል ሙከራ ይጠይቅ ነበር። የኤምዲ5 ችግር ሌላ ነው፤ ስሌቱ ራሱ ተሰብሯል። ሺያዎዩን ዋንግና ባልደረቦቿ በ2004 እ.ኤ.አ. ግጭት አሳዩ፤ ዛሬ ተራ ላፕቶፕ ይሠራዋል። ሻ-1 የሚባለው ሌላ ስሌትም ተራው ደረሰ። በ2017 እ.ኤ.አ. የጎግልና የአምስተርዳሙ የሲደብልዩአይ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት አሻራ ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፒዲኤፎች አወጡ። ኤምዲ5ንም ሻ-1ንም ሰው ሊያታልል በሚችልበት ቦታ አትጠቀሙባቸው።

ታዲያ ስንት ፊደል ልያዝ?

አታላይ ከሌለ፣ መለያ ብቻ ከሆነ፣ 16 ፊደል እወዳለሁ። በእኛ 83,140 ፋይል ላይ የግጭቱ ዕድል ከ5 ቢሊዮን አንድ ገደማ ይሆናል። 12 ፊደል ከ81 ሺህ አንድ ይሰጣል፤ ይህም ለትንሽ ማኅደር መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ፋይሉ እያደገ እንደሚሄድ አስቡ። ፋይሉ በ10 እጥፍ ሲያድግ አደጋው በ100 እጥፍ ያድጋል።

ውል፣ ፊርማ፣ ገንዘብ ካለበት ግን 64ቱንም ያዙ። 16 ፊደል እዚያ ላይ አይሆንም፤ አታላዩ ወደ 4 ቢሊዮን በሚጠጋ ሙከራ ጥንድ ያገኛል። ሰው እንዲያነበው ማሳጠር ካስፈለጋችሁ ስክሪኑ ላይ አሳጥሩ፣ ዳታቤዙ ውስጥ ሙሉውን አስቀምጡ።

ስንት ፊደል ብትመርጡም ፕሮግራሙ በነባር ፋይል ላይ እንዳይጽፍ ከልክሉት። ፓይተን ላይ ፋይሉን በ`'wb'` ፈንታ በ`'xb'` መክፈት ይበቃል፤ ስሙ ካለ ስህተት ብሎ ይቆማል። እኔ ያቺን አንዲት ፊደል ለውጬ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ባልተጠረጠረች።

በ8 ፊደል የተሠራ ማኅደር አለኝ። ግጭት እንዳለበት እንዴት አውቃለሁ?

ማኅደሩን ራሱን አትመርምሩ፤ የተጻፈበት ፋይል እዚያ የለም። የስካነሩን የመጀመሪያ ፋይሎች ያዙና እዚያ አቃፊ ውስጥ ይህን አሂዱ፤

```
printf '%s\0' *.pdf | xargs -0 sha256sum | cut -c1-64 | sort -u | cut -c1-8 | uniq -d
```

መጀመሪያ ሙሉ አሻራዎቹን ይደረድራል፣ ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ያው ፋይል ካለ አንዱን ይጥላል። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ቅጂ ግጭት አይደለም። ከዚያ ወደ 8 ቆርጦ የተደገመውን ብቻ ያሳያል። ምንም ካልታየ እስካሁን አልተጋጨም። አንድ መስመር ከታየ፣ በዚያ ስም ማኅደሩ ውስጥ ያለውን ፋይል ክፈቱና ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ፤ ከሁለቱ የጠፋው የትኛው እንደሆነ ያኔ ይታያል።